ስለ ትምህርት ክፍል መስኮትና ስለ ፀሐይ መንገድ
ለትምህርት ቤት ሕንፃ ፕላን አውጪዎችና አጽዳቂዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በየክልሉና በየወረዳው የትምህርት ቤት ሕንፃ ፕላን ለምታወጡ፣ ለምትመረምሩና ለምታጸድቁ ክቡራን ኃላፊዎች፤

ዘመኔን በሕንፃ ሥራ ያሳለፍሁ እንደ መሆኔ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልጽፍላችሁ ተነሥቻለሁ፤ እርሱም ለአራት ክፍል የተነደፈ አንድ ፕላን የግድግዳው ውፍረት፣ የቆርቆሮው ዐይነት፣ የመስኮቱ ወርድና ቁመት እስከ ሳንቲሜትር ድረስ ተለክቶ ሲጸድቅ፣ ያ ሕንፃ በቦታው ላይ ፊቱን ወደ የት አዙሮ እንደሚቆም ግን ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ላይ አንድም ቃል ሳይጻፍ መቅረቱ፣ ከዚያም የሥራው ኃላፊ ወይም ተቋራጩ ሕንፃውን ከመንገዱ ወይም ከአጥሩ ጋር እንዲስማማ ብቻ አድርጎ ገመዱን መዘርጋቱ ነው። መንገዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ከሆነ ሕንፃው በመልካም ዕድል ደኅና ሆኖ ይቆማል፤ መንገዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ ከሆነ ግን ያው ፕላን፣ በዚያው ገንዘብ፣ በዚያው ብሎኬትና በዚያው ሲሚንቶ ተሠርቶ፣ ሕፃናት ጥቁር ሰሌዳውን ማየት የማይችሉበት ቤት ይሆናል።

ነገሩ በሚገባ እንዲታይ አስቀድሞ መንገደ ፀሐይን በአገራችን ሰማይ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል የምትውለው ከእኛ ወደ ሰሜን ርቀው በሚገኙ አገሮች እንጂ በእኛ ዘንድ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ከአድማሱ 57 ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ብላ ትታያለች፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ ግን አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገርና፣ በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል በ75 ዲግሪ ተኩል ከፍታ ትቆማለች፤ ወደ ደቡብ የምትመለሰውም በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት ነው። በዚህ ሁሉ መመላለስ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ቀትር ላይ በሰሜንም ሆነ በደቡብ በኩል ስትሆን ምንጊዜም ከፍ ያለች መሆኗ፣ ዝቅ ብላ የምትገኘውም ጠዋት በምሥራቅ፣ ማታ በምዕራብ መሆኗ ነው። ከፍ ያለችውን ፀሐይ በጥቂት ጣሪያ መጋረድ ይቻላል፤ ዝቅ ያለችውን ግን ጣሪያ አያግዳትም። የመስኮት ነገር ሁሉ ከዚህ አንድ እውነት ይመነጫል።

ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝ፣ በደጋ ከተማ ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት አለ። እያንዳንዱ ክፍል 8 ሜትር ርዝመትና 7 ሜትር ወርድ ሲኖረው፣ በረጅሙ ግድግዳ ላይ በግራና በቀኝ እኩል መስኮቶች ተሰድረዋል፤ ሕንፃው ከመንገዱ ጋር ስለ ተሰለፈ መስኮቶቹ አንዱ ወገን ምሥራቅን፣ ሌላው ወገን ምዕራብን ያያሉ። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ 1 ሜትር፣ ራሱ 2 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር ላይ ነው። በመስከረም ወይም በመጋቢት፣ መዓልትና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ጠዋት በ2 ሰዓት ፀሐይ ከአድማሱ ወደ 25 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብላ ትገኛለች። የተማሪው ጠረጴዛ 70 ሳንቲሜትር ከፍታ ስላለው፣ ከመስኮቱ ራስ እስከ ጠረጴዛው ያለው ልዩነት 1 ሜትር ከ70 ይሆናል፤ በዚህ ማዕዘን የወረደ ጨረርም ጠረጴዛው ላይ ከማረፉ በፊት ከመስኮቱ 3 ሜትር ከ60 ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይህም ማለት የክፍሉ እኩሌታ፣ ሦስት መደዳ ያህል ተማሪ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በቀጥታ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጦ ይማራል ማለት ነው። ለማንበብና ለመጻፍ ጠረጴዛ ላይ 300 ሉክስ ብርሃን ሲበቃ፣ ይህ ጨረር ያረፈበት ነጭ ወረቀት ግን እስከ 20 ሺህ ሉክስ ድረስ ይቀበላል፤ ዐይንም በዚህ ድምቀት ፈዝዞ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ቀና ሲል የሚያየው ጨለማ ብቻ ነው።

ወደዚያ ክፍል የገባ ሰው ችግሩን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም። በምሥራቅ በኩል ያሉት መስታወቶች እስከ እኩሌታቸው በኖራ ተቀብተዋል፤ ኖራው በረገፈበት ቦታ ላይ ደግሞ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት በሙጫ ተለጥፏል። በመስኮቱ ዳር የተቀመጠች አንዲት ልጅ መጽሐፏን እያቆመች በጥላው ውስጥ ትጽፍ ነበር፤ የጨረሩ ጠርዝ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም መጽሐፉን ትገፋው ነበር። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ሲገባ ደግሞ ያው ነገር ከምዕራብ በኩል ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ የጋለው ቆርቆሮ ከላይ ስላለ፣ ከመስኮቱ የሚገባው ሙቀት ከጣሪያው ሙቀት ጋር ተደምሮ መምህሩ የላሜራውን መዝጊያ እንዲዘጋ ያስገድደዋል። ፀሐይ ደምቃ እያለ ክፍሉ ይጨልምና አምፖል ይበራል፤ መብራት በሌለበት ቀን ደግሞ በጨለማው ይማራሉ። በገንዘብ የተገዛው መስኮት በኖራና በላሜራ ተመልሶ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው።

ወጣት መሐንዲሶች የጣሪያውን ክፈፍ ትንሽ ብናረዝመው ይበቃል ይላሉ። ቅንነታቸውን አከብራለሁ፤ ስሌቱ ግን አይፈቅድላቸውም። በ25 ዲግሪ የሚመጣውን ጨረር ቁመቱ 1 ሜትር ከ40 ከሆነ መስኮት ላይ ፈጽሞ ለማገድ፣ ከመስኮቱ ራስ ላይ የሚነሣው ክፈፍ 3 ሜትር ወደ ውጭ መውጣት ይኖርበታል፤ ይህም ክፈፍ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ቤት ይሆናል። ያንኑ መስኮት ወደ ደቡብ ብናዞረው ግን በታኅሣሥ ቀትር 90 ሳንቲሜትር ክፈፍ ይጋርደዋል፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመጠኑ ዝቅ ስትል ከመስኮቱ ግርጌ ጥቂት ጨረር ቢሾልክም፣ የሚያርፈው ከመስኮቱ ሥር ባለው ወለልና ለግድግዳው በቀረበው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ነው። ወደ ሰሜን ብናዞረው ደግሞ የሰኔ ቀትር ፀሐይ ለ36 ሳንቲሜትር ክፈፍ ትገዛለች፤ ማንኛውም የቆርቆሮ ጣሪያ ለዝናብ መከላከያ ሲል የሚያወጣው 60 ሳንቲሜትር ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ቁመት ሳለ፣ አቅጣጫው ሲለወጥ የሚያስፈልገው ጥላ ከ36 ሳንቲሜትር እስከ 3 ሜትር ይለያያል። እንግዲህ በአራቱም ማዕዘን እኩል መስኮት የሚሥል ፕላን አንዱን ማዕዘን ሳያውቅ የተሠራ ፕላን ነው ብል በድፍረት አይቈጠርብኝ።

አሁን ያንኑ የ8 በ7 ሜትር ክፍል በሚገባው አቋቋም እናቁመው። የሕንፃው ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ ምሥራቅና ምዕራብ የሚያዩት አጫጭር ግድግዳዎች ምንም መስኮት አይኑራቸው። 2 ሜትር ወርድ ያለው በረንዳ በደቡብ በኩል ይሁን፤ ምክንያቱም ዳሩ ከመሬት 2 ሜትር ከ20 የሆነ በረንዳ በትምህርት ሰዓት የደቡብን ፀሐይ ከመስኮቱ ላይ ፈጽሞ ያስቀራል፣ ልጆችም በዕረፍት ሰዓት ከዝናብና ከፀሐይ ይጠለሉበታል። ነገር ግን በረንዳ ፀሐይን ብቻ ሳይሆን የሰማዩንም ብርሃን ስለሚቀንስ፣ ዋናው ብርሃን ከሰሜን መምጣት አለበት። የሰሜን ብርሃን በትምህርት ዘመኑ በአብዛኛው ከሰማዩ የሚወርድ፣ ጥላው የለሰለሰ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ብዙ የማይለዋወጥ ብርሃን ነውና ለንባብ ከእርሱ የሚሻል የለም። የሕንፃ ጠቢባን ለትምህርት ክፍል የመስኮቱን ስፋት ከወለሉ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ማድረግን ልማድ አድርገዋል፤ የክፍላችን ወለል 56 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ 11 ካሬ ሜትር ያህል መስኮት ይገባዋል። ከዚህ ውስጥ 7 ካሬ ሜትሩን በሰሜን፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ70 ወርድና 1 ሜትር ከ40 ቁመት ባላቸው ሦስት መስኮቶች እናገኘዋለን፤ የቀረውን 4 ካሬ ሜትር ከበሩ ጎን በደቡብ በሚከፈቱ፣ ወርዳቸውም ቁመታቸውም 1 ሜትር ከ40 በሆኑ ሁለት መስኮቶች እንሞላዋለን። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ስለሚከፈቱ አየርም ክፍሉን አቋርጦ ያልፋል። የመስኮቶቹ ቁጥርና ዋጋ በተበላሸው ክፍል ካለው አይበልጥም፤ የተለወጠው ቦታቸውና ክፍፍላቸው ብቻ ነው።

ከስፋቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ከፍታው ነው። ከጠረጴዛው በታች ያለ መስታወት ለደብተሩ ምንም ብርሃን አይሰጥም፤ ስለዚህ ደፉን ከጠረጴዛው ዝቅ ማድረግ ገንዘብን ወለል ላይ እንደ ማፍሰስ ነው። የመስኮቱ ራስ ግን ወደ ኮርኒሱ በቀረበ መጠን ብርሃኑ ወደ ክፍሉ ጥልቅ ይደርሳል፤ በሥራችን ልምድ የመስኮት ብርሃን ለንባብ የሚበቃው ራሱ ካለበት ከፍታ ሁለት እጥፍ፣ ቢበዛ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል እስከሚሆን ርቀት ድረስ ነው። ራሱ 2 ሜትር ከ40 ላይ ያለ መስኮት ከ4 ሜትር ከ80 እስከ 6 ሜትር ያበራል፤ 7 ሜትር ወርድ ያለውን ክፍል በአንድ ወገን መስኮት ብቻ ማብራት የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ግንበኛው መስኮቱን 30 ሳንቲሜትር ያስፋው ወይስ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያድርገው ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ጣሪያው የሚፈቅድ እስከ ሆነ ድረስ ከፍ ያድርገው በሉት።

ጥቁር ሰሌዳውም ከፀሐይ ጋር ጉዳይ አለው። ተማሪው በቀኝ እጁ ሲጽፍ ብርሃን ከግራው ቢመጣለት የእጁ ጥላ በሚጽፈው ፊደል ላይ አይወድቅም፤ ይህ ደንብ በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ ሲሆን፣ የለንደን የትምህርት ቤቶች ቦርድ አርክቴክት የነበረው ሮብሰን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 ባሳተመው የትምህርት ቤት ሕንፃ መጽሐፍ ውስጥ ከግራ ስለሚመጣ ብርሃን አጥብቆ ጽፎአል። በእኛ ክፍል ዋናው ብርሃን ከሰሜን ስለ ሆነ፣ ልጆቹ ሰሜንን በግራቸው እንዲያደርጉ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ማዞር አለባቸው፤ ሰሌዳውም በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ማለት ነው። (አበው ቤተ ክርስቲያንን ወደ ምሥራቅ ያቆሙበት ምክንያት መንፈሳዊ ሲሆን የእኛ የዐይን ጉዳይ ነው፤ ቢሆንም አንድ ሕንፃ በየትኛውም ቦታ ሲቆም አስቀድሞ ምሥራቁ ይታወቅ የሚለው ሥርዐት በአገራችን አዲስ ትምህርት አይደለም።) ለሰሌዳው የቀረበው መስኮት ከሰሌዳው ግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ አለዚያ ብርሃኑ በሰሌዳው ላይ አግድም ይንሸራተትና በማዶ ጥግ ያለው ተማሪ በጠመኔ ከተጻፈው ይልቅ የሰሌዳውን አንጸባራቂነት ያያል።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ የተሰላ ነው። ወደ ሰሜን ወደ አዲግራት ስንሄድ የታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ወደ 52 ዲግሪ ዝቅ ስለምትል የደቡቡ ክፈፍ ከ90 ሳንቲሜትር ወደ 1 ሜትር ከ10 ማደግ አለበት። ወደ ደቡብ ወደ ሞያሌ ስንወርድ ደግሞ የደቡቡ 70 ሳንቲሜትር ሲበቃው፣ የሰሜኑ ግን ግማሽ ሜትር ይፈልጋል። ልዩነቱ በክፈፉ ርዝመት ላይ እንጂ በሕንፃው አቋቋም ላይ አይደለም፤ ከአዲግራት እስከ ሞያሌ ሕንፃው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መዘርጋቱ አይለወጥም። የአየሩ ጠባይ ግን ሌላ ፍርድ ይጠይቃል። በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ወለሉ ላይ ብታርፍ ማንም አይጎዳም፣ እንዲያውም ይወደዳል፤ ስለዚህ የደቡቡን በረንዳ እዚያ ጠበብ ማድረግ ይቻላል። በአፋርና በጋምቤላ ቆላ ግን አንድም ጨረር ወደ ክፍሉ እንዳይገባ መጠንቀቅ፣ መስታወቱንም ቀንሶ አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ማብዛት ይገባል።

ሕንፃውን በትክክል ለማቆም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አባቶች ጾም የሚፈታበትን ሰዓት ጥላቸውን በጫማ እየለኩ እንዳወቁ ሁሉ፣ ሠራተኛውም በጥላ ይሥራ። በቦታው ላይ መሬቱን ደልድሎ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት በቱምቢ አስተካክሎ ይትከል፤ በእንጨቱ ዙሪያም በገመድ 1 ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ይሥራ። ጠዋት ረጅም የነበረው ጥላ እያጠረ ሄዶ ረፋድ ላይ ጫፉ ክቡን የሚነካበትን ነጥብ ያመልክት፤ ከቀትር በኋላም ጥላው ተመልሶ እየረዘመ ሲሄድ ክቡን የሚነካበትን ሁለተኛውን ነጥብ ያመልክት። ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር የምዕራብና የምሥራቅ መስመር ነው፤ የጠዋቱ ነጥብ ምዕራቡ፣ የከሰዓቱ ነጥብ ምሥራቁ ነው። የመሠረቱ ገመድ ከዚህ መስመር ጋር ይዘርጋ። የቦታው ቅርጽ ግድ ካለ እስከ 15 ዲግሪ ዘወር ማለት የሚያመጣው ጉዳት በክፈፉ ይሸፈናል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ፕላኑ እንደገና መታየት አለበት።

ቦታው ጠባብ ሆኖ ከሰሜን ወደ ደቡብ የረዘመ ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በዚህ ጊዜ አራቱን ክፍል በ32 ሜትር ረጅም ሕንፃ ከመደርደር ይልቅ፣ ሁለት ሁለት ክፍል ያላቸው 16 ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሁለት ሕንፃዎች አንዱን ከአንዱ ጀርባ ማቆም ይቻላል። የሚጨመረው ወጪ የአንድ አጭር ግድግዳ ብሎኬትና ልስን ነው። ያ ወጪ ለመቶ ሕፃናት ዐይን በየዓመቱ ሲታደል ምን ያህል እንደሚያንስ እናንተ ራሳችሁ አስሉት።

በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት አስቀድመው የተሠሩት ትምህርት ቤቶችም ያለ መድኃኒት አይደሉም። በጠዋት ፀሐይ በኩል 2 ሜትር ተኩል ወርድ ያለው፣ ዳሩ ከመሬት 2 ሜትር ከ20 የሆነ በረንዳ ቢጨመርላቸው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ዓመቱን ሙሉ መስኮቱ በጥላ ይውላል። ለዚህ ገንዘብ ባይገኝ፣ ከመስኮቱ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ በቀዳዳ ብሎኬት የተገነባ አጥር ወይም ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ዝቅ ያለውን ጨረር ይሰብራል፤ ዛፉ ግን እስኪያድግ ድረስ ልጆች ዓመታት ይጠብቃሉና ከሁሉ የሚፈጥነው የብሎኬቱ አጥር ነው። የኖራው ቅብ ግን መፍትሔ ተብሎ አይቈጠር፤ ጨረሩን ሲያደበዝዝ የደመና ቀን ብርሃንንም አብሮ ይወስዳልና።

እንግዲህ ክቡራን ሆይ፤ የምለምናችሁ ነገር በወረቀት ላይ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ማንኛውም የትምህርት ቤት ፕላን የሰሜን ቀስት ሳይሣልበትና ሕንፃው በዚያ ቦታ ላይ ወደ የት እንደሚያይ ሳይጻፍበት ማኅተም አይደረግበት። የሰሜኑና የደቡቡ መስኮት ለየራሱ ይነደፍ፣ ምሥራቅና ምዕራብ የሚያየውም ግድግዳ ከተገደደ በቀር ዝግ ይሁን። ተቆጣጣሪው መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ጥላ የተለካበትን መስመር በዐይኑ አይቶ ይፈርም፤ ሥራው ሲረከብም ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩልና ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ወደ ክፍሉ ገብቶ የጨረሩን ጠርዝ በጠመኔ በወለሉ ላይ ያመልክት፣ ጨረሩ ከመጀመሪያው መደዳ ጠረጴዛ አልፎ ከተገኘም ክፍሉን አይረከብ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
በሕንፃ ሥራ ያገለገለ አንድ ዜጋ